የቡኻራው አሚር ሰማያዊ ካባ፦ ከጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም መገመት የት ላይ ይስታል?

እ.ኤ.አ. በ1911 ሩሲያዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሰርጌይ ፕሮኩዲን-ጎርስኪ በመካከለኛው እስያ የነበረችውን የቡኻራ ግዛት ገዥ፣ አሚር ዓሊም ካንን፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ አነሣው። አሚሩ ነጭ ጥምጥም ጠምጥሟል፣ ወገቡን በወርቃማ ቀበቶ ታጥቋል፣ እጁ ላይ ሰይፍ አለ። ከሁሉ በላይ ዓይን የሚይዘው ግን ከትከሻው እስከ እግሩ የሚወርደው፣ በትልልቅ አበቦች ያጌጠው ደማቅ ሰማያዊ ካባ ነው። ፎቶግራፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ በቅርብ ዘመን የተቀባ ይመስለዋል። አልተቀባም። ቀለሙ ፎቶግራፉ በተነሣበት ቀን ከካባው ላይ ተንጸባርቆ ምስሉ የተነሣበት መስታወት ላይ ያረፈው ብርሃን ነው።

ይህን ፎቶግራፍ ለጥናት የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም ሲቀባ ውጤቱ ልክ ይሁን ስሕተት ብዙውን ጊዜ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ልብሱ አልቋል፣ ለባሹም የለም። የአሚሩ ምስል ግን ጥያቄውም መልሱም አንድ መስታወት ላይ ያሉበት ነው። ከፊሉን ሸፍነን እንደ ተራ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ልናየው፣ ቀለሙን ልንገምት፣ ከዚያም ገልጠን ልናመሳክር እንችላለን።

የአነሣሡ ዘዴ እንዲህ ነበር። ፕሮኩዲን-ጎርስኪ እ.ኤ.አ. በ1902 በርሊን ሄዶ ከአዶልፍ ሚተ የተማረው ዘዴ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ በተከታታይ ማንሣትን ይጠይቃል፤ አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ በአረንጓዴ፣ አንዴ በቀይ ማጣሪያ። ሦስቱም ምስሎች 24 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመትና 9 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው አንድ የመስታወት ኔጋቲቭ ላይ ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ይወጣሉ። የላይኛው የሰማያዊው፣ የመካከለኛው የአረንጓዴው፣ የታችኛው የቀዩ ማጣሪያ ነው። መስታወቱ ራሱ ቀለም የለውም፤ ሦስቱም ምስሎች ግራጫ ናቸው። ከኔጋቲቩ ፖዚቲቭ ቅጂ አውጥቶ ሦስቱን በየማጣሪያቸው ቀለም ባለው ብርሃን አሳልፎ አንድ ሸራ ላይ መደረብ ነው ቀለሙን የሚያስነሣው። ፎቶ አንሺው ከአብዮቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1918 ሩሲያን ለቅቆ ወጣ። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መስታወቶቹን እ.ኤ.አ. በ1948 ከወራሾቹ ገዝቶ በ2000 በዲጂታል አሳነሣቸው። አንሺውም ተነሺውም በየስደታቸው፣ አንዱ ፓሪስ ሌላው ካቡል፣ በዚያው በ1944 ዓመት ነው የሞቱት።

አሁን የአረንጓዴውንና የቀዩን ምስል ሸፍነን የላይኛውን፣ የሰማያዊውን ማጣሪያ ምስል ብቻ እንመልከት። ይህ ሽፈና የዘፈቀደ ጨዋታ አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተራ የፎቶግራፍ መስታወት የሚያየው ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ለዓይን የማይታየውን ከወይን ጠጅ ወዲያ ያለውን ብርሃን ብቻ ነበር። ቢጫና ቀይ ለእርሱ እንደ ጨለማ ነበሩ። ኸርማን ፎገል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1873 በመስታወቱ ቅብ ላይ ማቅለሚያ ቢጨመር አረንጓዴንም ማየት እንደሚችል ደረሰበት፤ ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ፊልም የመጣው ከዚህ ነው። ቀይን ጭምር የሚያየው ፓንክሮማቲክ መስታወት ገበያ ላይ የዋለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ወዲያው ሁሉ ሰው እጅ አልገባም። ስለዚህ የሰማያዊው ማጣሪያ ምስል አሚሩን አንድ የ1870ዎቹ ፎቶግራፍ አንሺ በተራ መስታወት ቢያነሣው ሊያገኝ ከሚችለው ምስል ጋር በጣም ይቀራረባል።

በዚህ ምስል ላይ ካባው ብሩህ ነው። በቀዩ ማጣሪያ ምስል ላይ ያው ካባ ጠቁሮ ይታያል። የተለወጠ ልብስ የለም፣ የተለወጠ ሰዓትም የለም፤ የተለወጠው መስታወቱ እንዲያይ የተፈቀደለት ብርሃን ነው። ብዙ ሰው፣ ቀለም የሚቀቡ ባለሙያዎችም ጭምር፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍን የሚያነበው «ደማቅ ግራጫ ማለት ነጣ ያለ ልብስ፣ ጥቁር ግራጫ ማለት ጠቆር ያለ ልብስ» እያለ ነው። ንባቡ ለዛሬ ካሜራ ይሠራል፤ ለሰማያዊ ብቻ ለሚያይ መስታወት ግን ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል።

በቁጥር እንየው። የዛሬ ኮምፒዩተር ባለቀለም ፎቶግራፍን ወደ ግራጫ ሲመልስ በብዛት የሚጠቀመው በዚህ ስሌት ነው፦

```
Y = 0.299 R + 0.587 G + 0.114 B
```

R ቀዩ፣ G አረንጓዴው፣ B ሰማያዊው ነው፤ ሦስቱም ከ0 እስከ 255 ይሄዳሉ፣ Y የሚወጣው ግራጫ ነው። ቁጥሮቹ የሰው ዓይን ለአረንጓዴ የሚሰጠውን ክብደትና ለሰማያዊ የሚነፍገውን ያሳያሉ። ለምሳሌ ያህል (ከፎቶግራፉ የተለካ ሳይሆን ለማስረዳት የተወሰደ ነው) ካባው R 40፣ G 80፣ B 170 ነው እንበል። በስሌቱ የሚወጣው ግራጫ 78 ገደማ ነው፤ ጠቆር ያለ። ሰማያዊ ብቻ የሚያየው መስታወት ግን የሚመዘግበው B ን፣ ማለትም 170ን ነው። ቀበቶውን ደግሞ R 220፣ G 180፣ B 70 እንበለው። በስሌቱ 179፣ በመስታወቱ 70 ይሆናል። ዓይን ጠቆር ያለ ካባ ላይ የሚያበራ ቀበቶ ሲያይ፣ መስታወቱ የሚያየው ብሩህ ካባ ላይ የጠቆረ ቀበቶ ነው። እርግጥ እውነተኛው ወርቅ እንደ መስታወት ብርሃን ስለሚመልስ እዚህም እዚያም ነጭ ብልጭታ ይኖረዋል፤ የአካሉ ግራጫ ግን ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ ይሄዳል።

ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ ችግርም አለ፤ መስታወቱ ፍጹም ቢሆን እንኳ የማይቀር። R 200፣ G 60፣ B 60 የሆነ ቀይ፣ R 60፣ G 130፣ B 60 የሆነ አረንጓዴ፣ R 80፣ G 90፣ B 220 የሆነ ሰማያዊ በስሌቱ ሦስቱም 101 ወይም 102 ላይ ያርፋሉ። ሦስት ቁጥር ወደ አንድ ተጨምቋል፤ ከአንዱ ተነሥቶ ሦስቱን መልሶ የሚያወጣ ሒሳብ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ በብሩሽም ይሠራ በማሽን፣ ከምስሉ ውጭ የመጣ ግምት ነው።

ማሽኑ፣ ማለትም ቀለም ለመገመት የሠለጠነው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ የሚገምተው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። ሪቻርድ ዛንግ፣ ፊሊፕ አይዞላና አሌክሲ ኤፍሮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙትን ሥራ እንውሰድ። 1.3 ሚሊዮን ያህል ባለቀለም ፎቶግራፎች ወስደው ወደ ግራጫ ለወጧቸው፤ ከዚያ ማሽኑ ግራጫውን እያየ የተሰወረውን ቀለም እንዲገምት፣ ሲሳሳትም እንዲታረም አደረጉት። ለእያንዳንዷ ነጥብ ከ313 የቀለም ክፍሎች የትኛው ሊሆን እንደሚችል ዕድሉን ያሰላል። ሣር መሆኑን ካወቀ አረንጓዴ፣ ቆዳ መሆኑን ካወቀ የቆዳ ቀለም ይሰጣል። ካባ ላይ ሲደርስ ግን ካባ ማንኛውም ቀለም ሊሆን ስለሚችል ይወላውላል። የሚወላውል ማሽን የሁሉንም አማካይ ከሰጠ የሚወጣው ፈዛዛ ቡናማ ነው፤ አሮጌ ፎቶግራፎች በማሽን ሲቀቡ ሁሉም ሰው አፈር የለበሰ የሚመስለው በአብዛኛው ለዚህ ነው። እነ ዛንግ ይህንን ለማስቀረት ብዙም ለማይታዩ ደማቅ ቀለሞች በሥልጠናው ላይ ተጨማሪ ክብደት ሰጡ። ምስሉ ደመቀ፤ ተመልካቾችም እውነተኛው የቱ እንደሆነ ሲጠየቁ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል የማሽኑን መረጡ። ይህ ፈተና የሚለካው ግን ማሳመንን ነው። አንድ ካባ በቀይ ቢቀባ ማንንም ያሳምናል፤ ካባው ሰማያዊ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እዚያ ውስጥ አልገባም።

አሚሩን በተመለከተ የሚከፋው ሌላው ነው። ማሽኑ የሠለጠነው በዛሬ ካሜራ በተነሡ፣ ከላይ ባየነው ዓይነት ስሌት ወደ ግራጫ በተለወጡ ፎቶግራፎች ነው። ሰማያዊ ብቻ የሚያይ መስታወት በሥልጠናው ውስጥ አላጋጠመውም። ስለዚህ የላይኛውን ምስል ስንሰጠው ብሩሁን ካባ እንደ ነጣ ያለ ልብስ ያነበዋል። በዚህ ላይ ይህ ዓይነቱ ማሽን የምስሉን ድምቀት አይነካም፤ ግራጫውን እንዳለ ትቶ ቀለም ብቻ ይደርብበታል። በባለሙያዎቹ የድምቀት መለኪያ ከ0 እስከ 100 ብንሄድ፣ በምሳሌያችን እውነተኛው ሰማያዊ 36 ገደማ ላይ ነው፤ በመስታወቱ ላይ ያለው ግራጫ ግን 70 ገደማ ላይ ተቀምጧል። ድምቀቱ 70 የሆነ ጥልቅ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ሰማያዊ ቀትር ላይ ያለ ሰማይ ዓይነት ፈዛዛ ነው። አንድ ሰው ማሽኑን «ካባው ሰማያዊ ነው» ብሎ ቢመራው እንኳ የሚያገኘው የሕፃን ብርድ ልብስ የሚመስል ነገር እንጂ የአሚሩን ካባ አይደለም። ትክክለኛው መልስ ማሽኑ ከሚመርጥባቸው መልሶች ውስጥ የለም።

በእጅ የሚቀባም ከዚህ አያመልጥም። በፎቶሾፕ የሚሠራ ሰው በልማድ አዲስ ሽፋን ከፍቶ `Color` የሚለውን አደራረብ ይመርጣል፤ ይህም ያንኑ ያደርጋል፣ ድምቀቱን ከሥር ካለው ምስል ይወስዳል። ባለሙያው ምስሉ በምን መስታወት እንደተነሣ ካወቀ ግን ቀለም ከመቀባቱ በፊት ካባውን ለይቶ ግራጫውን ራሱን ሊያጠቁረው ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አላየሁም። ምክንያቱም ይገባኛል፤ «ዋናውን ምስል አልነካሁም፣ ቀለም ብቻ ጨመርሁ» ማለት ደስ ይላል። ነገር ግን ዋናው ግራጫ ራሱ ዓይን ያየውን አልያዘም።

አሚሩን በእጁ የሚቀባ፣ ታሪክ ያጠና ሰው ምን ይመርጥ ነበር? ቡኻራ በከፋይ ላይ በሚሠራ የወርቅ ክር ጥልፍና በደማቅ የሐር ልብስ የታወቀች ናት፤ በየሙዚየሙ ያሉት የቤተ መንግሥት ካባዎች ብዙ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ አላቸው። ሰውየው እነዚህን ዓይቶ ቀይ ከፋይ ቢመርጥ ሊመሰገን የሚገባው ምርምር አድርጓል፤ ምስሉም በሚገባ ያምራል፤ ካባው ግን ቀይ አልነበረም። ጥናት የሚነግረን በዚያ ቦታ በዚያ ዘመን ምን ይለበስ እንደነበረ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ከሳጥኑ የትኛውን እንዳወጣ የሚነግረን ግን ያው ልብስ ራሱ፣ በዕለቱ የተጻፈ ማስታወሻ ወይም ሌላ ባለቀለም ምስል ብቻ ነው።

ፊቱ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ስሕተቱ ይበልጥ ያስቆጫል። የሰው ቆዳ፣ ቀይም ይሁን ጠይም ወይም ጥቁር፣ ከሰማያዊ ብርሃን ይልቅ ቀዩን አብልጦ ይመልሳል። ሰማያዊ ብቻ በሚያይ መስታወት ላይ ስለዚህ ፊት ከሆነው በላይ ይጠቁራል፣ ከንፈር ይከስላል፣ በቆዳ ላይ ያለች ትንሽ ነጠብጣብ ጎልታ ትወጣለች። ይህን የማያውቅ ቀቢ የጠቆረውን ግራጫ እንደ ቆዳው መልክ ወስዶ ይቀባዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡ የእኛን መኳንንትና ወታደሮች ምስሎች ቀብተው የሚያወጡ ሰዎች ጠይሙን ሰው ጥቁር አድርገው የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ የብሩሹ ሳይሆን የመስታወቱ ነው። በዚያው ልክ ከኋላ ያለው ሰማይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሰማያዊው ከደመናው ስለማይለይ፤ ቀቢውም የጠራ ቀን የነበረውን ደመናማ ያደርገዋል።

አሁን የሸፈንናቸውን ሁለት ምስሎች እንግለጥ። ሦስቱ ሲደረቡ ሰማያዊው ካባ ይወጣል፣ ግምቱም ያበቃል። ያበቃል ስል ግን በመጠኑ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሲያሳትመው ሦስቱ ግራጫዎች ምን ያህል ይድመቁ የሚለውን የወሰነው ዋልተር ፍራንክሃውዘር የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ በኋላም ሌሎች በራሳቸው ስሌት ደርበውታል። ቅጂዎቹን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንዱ ሞቅ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ብሎ ያገኛቸዋል። በተጨማሪም ሦስቱ ምስሎች የተነሡት በተከታታይ ስለሆነ በመካከሉ የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል፤ በፕሮኩዲን-ጎርስኪ የወንዝ ምስሎች ላይ ውኃው ቀስተ ደመና የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህ ጉድለት ለእኔ ማረጋገጫ ነው። በቀቢ እጅ የተሠራ ምስል እንዲህ ያለ ጠርዝ አይኖረውም፤ ሰማያዊው ምን ያህል ሰማያዊ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ቀይ ነበር ብሎ መከራከር ግን አይቻልም።

ነገሩን ወደ ቤታችን ባመጣው፣ የማነሣው ሰንደቅ ዓላማችንን ነው። ብዙ ሰው ሦስቱ ቀለሞች ስለሚታወቁ ሰንደቅ ዓላማ መቀባት ቀላል ይመስለዋል። አረንጓዴውን R 0፣ G 130፣ B 60፣ ቢጫውን R 250፣ G 215፣ B 0፣ ቀዩን R 215፣ G 20፣ B 30 ብለን ብናሰላ በዓይን ዓይነት ግራጫ አረንጓዴው 83፣ ቢጫው 201፣ ቀዩ 79 ይሆናሉ። ቢጫው ብቻውን ጎልቶ ይወጣል፤ ከላይና ከታች ያሉት ሁለቱ ግን በዓይን አይለዩም። ሰማያዊ ብቻ በሚያይ መስታወት ላይ ሦስቱም ይጠቁራሉ፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚጠቁረው ቢጫው ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ በሚያየው በኦርቶክሮማቲክ ፊልም ላይ ደግሞ ቀዩ ጥቁር ሆኖ፣ አረንጓዴው መካከለኛ ግራጫ ሆኖ ይለያያሉ። የሚገርመው ዛሬ «ያነሰ» የምንለው ፊልም ነው ለዚህ ጥያቄ የተሻለ ምስክር።

ጥያቄው ደግሞ ባዶ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከታወቁት አሰላለፎች አንዱ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች የሆነበት ነው፤ አረንጓዴው ከላይ የሆነበት የጸናው ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬውን ቅደም ተከተል በልማድ ወስዶ የዚያን ዘመን ምስል የሚቀባ ሰው፣ ግራጫው ሳይቃወመው፣ ሰንደቁን ሊገለብጠው ይችላል። ለአንዳንድ ዘመን ግን ማመሳከሪያ አለን። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ስለተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን፣ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 ዕትሙ ሮበርት ሙር በተፈጥሮ ቀለም ያነሣቸውን ምስሎች አውጥቷል። የዚያን ሰሞን ጥቁርና ነጭ ምስል የሚቀባ ሰው ማሽን ከመክፈቱ በፊት እነዚያን ማየት አለበት፤ እነዚያም ቢሆኑ የማተሚያ ቀለም ያለፈባቸው መሆኑን አይርሳ።

እኔ ስሠራ ከምስሉ ጋር አንዲት አጭር ወረቀት አያይዛለሁ፤ እያንዳንዱ ቀለም ከየት እንደመጣ ትናገራለች። የአሚሩን የሰማያዊ ምስል ብቻ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ወረቀቷ እንዲህ ትል ነበር፦ «ጥምጥም፦ ነጭ፤ በግራጫውና በልማዱ። ቀበቶ፦ ወርቅ፤ በብልጭታው። ቆዳ፦ ከግራጫው አንጽቼ፤ መስታወቱ ያጠቁራልና። ካባ፦ ግምት፤ ከሰማያዊ፣ ከወይን ጠጅ ወይም ነጣ ካለ ማንኛውም ቀለም አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ቢጫ ወይም ጥልቅ ቀይ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ጠቁሮ በወጣ ነበርና።» የመጨረሻዋ ሐረግ ቀዩን ከፋይ የመረጠውን የታሪክ አጥኚ እንኳ ልታቆመው ትችል ነበር። ሰንደቅ ዓላማ ያለበት ምስል ሲመጣልኝና ፊልሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳላውቅ ስቀር ደግሞ ሕዝቡን፣ ፈረሱን፣ ድንኳኑን ቀብቼ ሰንደቁን ግራጫ እንዳለ እተወዋለሁ። ደንበኞች አይወዱትም፤ ያላለቀ ይመስላቸዋል።